ለቅዳሜው የቃላት ጨዋታ

ውድ አባላት፣

በዚህ ሳምንት በረዘመ ቃል ውስጥ የተደበቀ የአካል ክፍል ወይም ቁጥር እንፈልጋለን። ፊደሎቹ ሳይለወጡ ተከታትለው መገኘት አለባቸው። «ስብሰባ» ሰባን፣ «ልብስ» ልብን ይዘዋል። «ደመና» ግን ደም የለበትም፤ «መ» እና «ም» ይለያያሉና።

«ቅጣት» ውስጥ ጣት መኖሩ በጣም ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ መምጣት፣ መውጣት፣ መጠጣት፣ ማጣት ሁሉም በዚያው ስለሚያልቁ ከእነዚህ አንዱን ብቻ እንቀበላለን፤ አለበለዚያ ጨዋታው በግሥ ይሞላል።

የሥጋ ዘመዶችንም አንቆጥርም። «እጅጌ» ከእጅ የወጣ ነው። «ትራስ» ውስጥ ያለው ራስም አልተደበቀም፤ በግዕዝ «ትርኣስ» የሚባለው ከ«ርእስ» ስለተገኘ ነው። «አራስ» ግን ከራስ ጋር ዝምድና ስለሌለው ይቆጠራል።

ያገኛችሁትን እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ።