ፊሽካውን የመለሰልኝ ልጅ

ይድረስ ለወንድሜ፤

በሰላምታ ልጀምር ወይስ በይቅርታ የሚለውን ሳልወስን ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት በስንፍና ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈጥርም አታምነኝም። በልጅህ ክርስትና ላይ መቅረቴንም ጨምርበትና አንድ ላይ ማረኝ። የባቱን ጨዋታ አላነሣም፤ አንተም አታንሣብኝ፤ ቢያንስ ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ።

ጤናዬ ደህና ነው፤ ሐዋሳም እንደምታውቃት ናት። የጻፍኩልህ ግን ለዚህ አይደለም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ባለፈው ሳምንት ፊሽካዬን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

በዚህ ዓመት የክፍል ለክፍል የመረብ ኳስ ውድድሩን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲዳኙት ወስኜ አሥራ ሁለት ልጆች መለመልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት በኋላ አሠለጠንኳቸው። መጀመሪያ ላይ ምልክታቸው የትራፊክ ፖሊስ ይመስል ነበር፤ አንዱን እጅ ወደ ጥፋቱ፣ ሌላውን ወደ ሰርቪሱ በአንድ ጊዜ ይወረውሩታል። ጥንድ ጥንድ አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኳቸውና ያለ ፊሽካ አለማመድኳቸው። መጀመሪያ ሰርቪስ የሚመታው ቡድን የቆመበትን ጎን ታሳያለህ፤ ሁለት እስክትቆጥር እጅህን አታወርድም፤ ከዚያ በኋላ የጥፋቱን ዓይነት ታሳያለህ። ወጪ ኳስ ከሆነ ሁለቱን ክንዶችህን መዳፎችህ ወደ ራስህ እንደዞሩ ቀጥ አድርገህ ታነሣለህ፤ ተከላካይ ነክቶት የወጣ ከሆነ የአንዱን እጅ ጣቶች አቁመህ በሌላው መዳፍ ትጠርጋቸዋለህ። ይህን በሦስት ሳምንት ጨረሱት።

የከበደኝ ሁለተኛ ዳኞችን ማሠልጠን ነበር። የሰው ዓይን ኳስ ይከተላል፤ የሁለተኛ ዳኛ ዓይን ግን መረቡ ላይ መቅረት አለበት። ኳሱ ተመትቶ ካለፈ በኋላም የዘለሉት ልጆች መሬት እስኪረግጡ ይጠብቃል፤ መረብ የሚነካውና የመሃል መስመር የሚታለፈው ያን ጊዜ ነውና። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ፈጠርኩ። ልጆቹ ይመታሉ፣ ሌሎቹ ለማገድ ይዘላሉ፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ ዳኛውን «ኳሱ የት አረፈ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የመለሰልኝ ሜዳውን አንድ ዙር ይሮጣል። «አላየሁም፤ ግን ስድስት ቁጥር መረብ ነክቷል» ያለኝ ያልፋል። አንዲት ልጅ አለች፣ አንድም ቀን አልሮጠችም። ኳሱ ወደ ሌላው ወገን ባለፈ ቁጥር ሳይነገራት አንድ እርምጃ ወደሚከላከለው ቡድን በኩል ትሻገራለች። ብታያት ትቀና ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልምጣ፤ እየሸሸሁት እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም።

የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ነበር፤ 10ኛ «ለ» ከ10ኛ «መ»። አንድ አንድ ዙር ተሸናንፈው ሦስተኛው ዙር ላይ «ለ» 14 ለ 13 ይመራል። የ«ለ» ልጅ በሁለተኛዋ ዳኛ በኩል ካለው ጥግ ዘሎ መታ፤ የ«መ» ሁለት ልጆች ለማገድ ዘለሉ፤ ኳሱ ከኋላው መስመር አልፎ አቧራ ላይ ወደቀ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ወደ ላይ አነሣ። ዋናው ዳኛ ነፋ፣ ሰርቪሱን ለ«መ» ሰጠ፣ ክንዶቹን አነሣ፤ ወጪ ነው፤ 14 እኩል።

ልጅቷ ግን አይታለች። ኳሱ የዳሩን አጋጅ ጣት ነክቶ ነበር የወጣው። ያስተማርኳትን በትክክል አደረገች፤ አልነፋችም፤ ደረቷ አጠገብ ጣቶቿን አንዴ ጠረግ አደረገቻቸው። እንዲህ ያለውን ንክኪ ሁለተኛ ዳኛ ያለ ፊሽካ መጠቆም ይችላል እንጂ ዋናውን ዳኛ መከራከር አይፈቀድለትም። ልጁ ግን አላያትም። ለምን አላያትም? ነፍቶ ምልክት ከማሳየቱ በፊት ወደ ጓደኞቹ አንዴ መመልከት እንዳለበት ስላላስተማርኩት ነው። እኔ ያስተማርኩት ፍጥነት ነበር፤ ቶሎ ያሳየውን አመሰግነው ነበር።

ንክኪውንስ ራሱ ለምን አላየም? ይህን ማታ በሜትር ለክቼ ነው የደረስኩበት። መረቡ 2 ሜትር ከ43 ነው። የዋናው ዳኛ ዓይን ከመረቡ ጫፍ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ ማለትም 2 ሜትር ከ93 ላይ። የልጁ ዓይን ከእግሩ 1 ሜትር ከ55 ላይ ነው፤ ያቆምኩት ደግሞ 75 ሳንቲም ከፍታ ባለው የክፍል ጠረጴዛ ላይ። ደምረው፤ 2 ሜትር ከ30 ይመጣል። ከመረቡ ጫፍ በታች ነው! ከዚያ ሆኖ ሲያይ የቅርቡ አጋጅ እጆች የዳሩን አጋጅ እጆች ይጋርዱበታል፤ ከላይ ቢሆን ኖሮ አራቱንም እጅ ለየብቻ ያይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ክንድ አነሣስ እየተጨቃጨቅሁ ልጁን ጉድጓድ ውስጥ አቁሜ «እይ» እለው ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። እኔ ከነጥብ መዝጋቢዎቹ ወንበር አጠገብ ነበርኩና ጠረጋዋን አየሁ። ዘልዬ ሜዳ ገባሁ። «ነክቷል!» አልኩ፤ በዚያ አላበቃሁም፤ ልጅቷን በሁለቱ ክፍሎች ፊት «ነክቷል ወይስ አልነካም?» ብዬ አቆምኳት። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «ነክቷል» አለች። ነጥቡን ለ«ለ» ሰጥቼ ጨዋታውን 15 ለ 13 ዘጋሁት። ውሳኔውን መለወጥ የሚችለው ጠረጴዛው ላይ የቆመው ልጅ ብቻ ነበር። ጠርቻቸው ሁለቱ እንዲነጋገሩ ባደርግ ኖሮ ራሱ ያስተካክለው ነበር፤ ልጁ እልኸኛ አይደለም።

ደግሞም... እንዴት ልበልህ፤ የ10ኛ «ለ» የክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ።

ሳቅ፤ መብትህ ነው። ለልጆቹ የሰጠኋቸው የመጀመሪያው ሕግ «ማንም የራሱን ክፍል አይዳኝም» የሚል ነበር። ኳሱ በእውነት ነክቷል፤ ግን ይህን ለ«መ» ልጆች ማን ሊያሳምናቸው ይችላል? ልጅቷን «ምስክሯ» ብለው ስም አወጡላት። ልጁ ደግሞ ከጠረጴዛው ወርዶ ፊሽካውን ሰጠኝ፤ አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። «መምህር፣ እርስዎ ካሉ እኔ ለምን እቆማለሁ?» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አናጺ ጠርቼ 1 ሜትር ከ40 የሚሆን መቆሚያ፣ መሰላልና መደገፊያ ያለው፣ አሠራሁ። ጠዋት ጠዋት «ንፋ፣ እይ፣ አሳይ» እያልኩ የቀሩትን አለማምዳለሁ፤ አሁን ከፊሽካው በኋላ አንገታቸው ወደ ሁለተኛዋ ዳኛ ሳይዞር እጃቸው አይነሣም። ልጁንም ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ፍጻሜውን እዳኛለሁ ብሏል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ እኔ ሜዳው አጠገብ ካልቆምኩ። ልክ ነው። ለዋንጫው የሚጫወተውም የእኔው «ለ» ነው።

ስለዚህ አንተ ናልኝ። ፍጻሜው ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ኳሱን ስለሚያወዛውዝብን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አድርገነዋል። ዓርብ ማታ እኔ ዘንድ ታድራለህ፤ ዓሣውም አለ፣ የሁለት ዓመት ስድብህም ይጠብቅሃል፤ እኔ እሰማለሁ። ከነጥብ መዝጋቢዎቹ ጀርባ ተቀምጠህ አለመግባባት ሲነሣ ሁለቱን ዳኞች እንዲነጋገሩ መላክ ብቻ ነው ሥራህ። እኔ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ውጤቱን ከጩኸቱ እገምታለሁ።

ፊሽካህን ግን አዳማ ተወው። አውቅሃለሁ።

ያው ወንድምህ