ደብዳቤውን አንቺ እንዳትጽፊው

ሀዋሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማሂዬ፣ የኔ ሆድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የአዳማ ነፋስ ሳይነስሽን ቀሰቀሰብሽ ወይስ ተወሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ የሚካኤልን ንግሥ ሊያነግሥ በሌሊት ወጥቷል። እኔ ጉልበቴ አላስኬደኝ ስላለ ቀርቼ ይህን እጽፍልሻለሁ። በስልክ ብነግርሽ “እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ” ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ጽሑፍ ግን ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

ቢኒ ነገረኝ። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያወጣጣሁት። ለጀርመኑ ማስተርስ ማመልከቻ ለፕሮፌሰሩ በቴሌግራም “ሰላም ፕሮፍ፣ ሪኮመንዴሽን ፈልጌ ነበር” ብለሽ ላክሽ አሉ። ሁለት ሳምንት ዝም አለሽ። ከዚያ “ጽፈሽ አምጪና እፈርምልሻለሁ” አለሽ። አንቺም ደስ ብሎሽ ልትጽፊ ተቀምጠሻል።

እንዳትጽፊ። ልጄ፣ መምህርሽ ሊመሰክርልሽ የሚገባውን ደብዳቤ አንቺ እንዳትጽፊው።

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው” እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ 19 ዓመት የትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ስንቱን በእጄ ተይቤያለሁ። ግን አስቢው። እዚያ ማዶ የሚያነበው ሰው ያንቺን የማመልከቻ ጽሑፍና የመምህርሽን ደብዳቤ በአንድ ፋይል፣ ጎን ለጎን ነው የሚያየው። ሁለቱም ላይ ያው አረፍተ ነገር፣ ያው የምትወጂው ቃል፣ ያው የነጠላ ሰረዝ ስህተት ካለ ማን እንደጻፈው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገውም። ደግሞም አንቺ ልትጽፊው የማትችዪው ነገር አለ። “ካስተማርኳቸው ተማሪዎች መካከል ይቺ ልጅ የት ላይ ናት” የሚለውን አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ? አንባቢው ደግሞ የሚፈልገው እሱን ነው። ከሁሉም በላይ ግን ውሸት ነው። እኔ ጻፍኩት ብሎ የሚፈርመው እሱ ነው። ደውለው ቢጠይቁት ምን ብሎ ሊመልስ ነው?

የዚያን ልጅ ነገር ነግሬሽ አላውቅም። ከአባትሽ በቀር የሚያውቅ የለም።

20 ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ ደብዳቤው በወረቀት ወጥቶ፣ ተፈርሞና ማህተም ተመትቶ በታሸገ ፖስታ ነበር የሚሄደው። አንድ ዝምተኛ የገጠር ልጅ ነበር፣ ጎበዝ። መምህሩን ኮሪደር ላይ አስቁሞ ጠየቀው። በእጁ ወረቀት አልሰጠውም። ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ነው የቀረው። መምህሩ እኔ ዘንድ መጣና “ያለፈውን ደብዳቤ ስሙን ቀይረሽ አውጪልኝ” አለኝ። ያለፈው የሴት ልጅ ነበር። ላይኛውን ስም ቀየርኩ፣ መካከል ላይ ያለውንም ቀየርኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን “እሷ” የሚለው እንዳለ ቀረ። ልጁ ወስዶት የማያውቅ ኮርስ ላይ ያገዘችውም ነገር እንዳለ ቀረ። መምህሩ ሳያነብ ፈረመ። ማህተሙን የመታሁት እኔ፣ ፖስታውን ያሸግሁትም እኔ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ካመለከተበት ቦታ “ይህ ደብዳቤ የማን ነው?” የሚል ጥያቄ መጣ። መምህሩ አነበበው፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መልስ ይጻፍለት አይጻፍለት አላየሁም። ልጁ በየሳምንቱ እየመጣ “እትዬ፣ መልስ አልመጣም?” ይለኝ ነበር። “አልመጣም” እለው ነበር። አልተቀበሉትም። ደብዳቤው ባይሳሳት ኖሮ ይቀበሉት እንደነበር በምን አውቃለሁ። ዛሬ እዚሁ ከተማ ያስተምራል። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ስወርድ ያገኘኛል፣ እጄን ይስማል፣ የባጃጅ ይከፍልልኛል። አንድም ቀን አልነገርኩትም።

ይሄን የምነግርሽ ልታዝኚልኝ አይደለም። ያ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን አላስታወሰውም፣ የሚያስታውስበት ነገርም በእጁ አልነበረም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው የጎደለው። ያንቺም ፕሮፌሰር “ጽፈሽ አምጪ” ያለሽ በሁለት መስመር ቴሌግራም ምን እንደሚጽፍልሽ ስላላወቀ ይመስለኛል። ከተመረቅሽ ከሁለት ዓመት በላይ አልፏል፣ በመካከሉ ስንት ተማሪ አስተምሯል።

ስለዚህ ደብዳቤውን ሳይሆን ያንን አንድ ገጽ ጻፊ። በኢሜይል ላኪ፣ በቴሌግራም አይደለም። እንዲህ በዪው፦ “ፕሮፌሰር፣ ቃሉ የእርስዎ ቢሆን እመርጣለሁ። ጊዜዎን እንዳልሻማ የሠራሁትን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያበቃ ነገር አይተውብኛል ብለው ካሰቡ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነም እረዳለሁ።” የመጨረሻዋን አትዝለያት። በሩን ክፍት የምታደርግለት እሷ ናት። ቢያመነታ አመስግነሽ ወደ ሌላ መምህር ሂጂ። የቀዘቀዘ ደብዳቤ ካልተጻፈ ደብዳቤ ይብሳል። እሱ እሺ ሳይልሽ ደግሞ ስሙን ፎርም ላይ እንዳትሞዪ። ስትሞዪው ሲስተሙ ወዲያው ደብዳቤውን የሚያስገባበት ሊንክ ሊልክለት ይችላልና ሰውየው ሳይጠየቅ የታዘዘ ይመስለዋል።

ገጹ ላይ መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ አስታውሺው። ሙሉ ስምሽን ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊ፣ ፎርሙም ላይ እንደዚያው ይሁን። እኛ ዘንድ የአያት ስም አንዴ ይገባል አንዴ ይቀራል፤ በዚህ የተነሳ ደብዳቤና ማመልከቻ ሳይገናኝ ሲቀር አይቻለሁ። ከዚያ እሱ ያስተማረሽን ኮርሶች፣ መቼ እንደወሰድሽና ውጤቱን አስገቢ። የሦስተኛ ዓመቷን ቢም ጻፊያት። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ስላለች ብትደብቂያት እሱን ነው የምታሳፍሪው። 2015 ስትዪ ከጎኑ 2023 ብለሽ አክዪ፣ አለበለዚያ ገና ልጅ ሳለሽ የተመረቅሽ ይመስላቸዋል።

ዋናው ግን መካከሉ ነው። የላክሽልኝን ሲቪ አይቼዋለሁ። “ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ኃላፊነት የሚሰማኝ” ይላል። ማሂዬ፣ እንዲህ ያለውን ማንም ስለራሱ ይጽፋል። መምህርሽ ያየውን ጻፊ። ያ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ፕሮጀክታችሁ የት ሄደ? 24 ጠርሙስ ፍሪጄን ሞልቶት፣ ወተቴን ጎረቤት ያስቀመጥኩት ለእሱ አልነበረም እንዴ? አራት ነበራችሁ። ናሙና የሰበሰብሽውና የለካሽው አንቺ ነሽ፣ ሪፖርቱን የጻፉት ሌሎቹ ናቸው። እንዲሁ ብለሽ ለይተሽ ጻፊው። “እኛ” የሠራነውን “እኔ” ካልሽ፣ ሌሎቹንም ያስተማረ ሰው ነውና ያውቅብሻል።

ያቺን ቅዳሜ ደግሞ እንዳትረሺ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጠርሙሶች ንባብ ዝቅ ብሎ ሲወጣ ቡፈሩን ሳትጨምሪ እንደለካሽ አወቅሽ። ማንም አላየሽም ነበር፣ ዝም ማለት ትችዪ ነበር። ሄደሽ ነገርሽው፣ ላቦራቶሪውን ራሱ መጥቶ ከፈተልሽ፣ ስድስቱንም ደግመሽ ለካሽ። ማታ ስትመጪ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር፣ እኔ ደግሞ አመሸሽ ብዬ ጮህኩብሽ። ይቅር በዪኝ። ይህን በሦስት መስመር ጻፊለት፦ ምን እንደተሳሳተ፣ በምን እንዳወቅሽው፣ ምን እንዳደረግሽ። ከ24ቱ ስንቱ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳለፈም ቁጥሩን አስገቢ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን እሱ አይደል ስትዪኝ የነበረው። ይህን ሲያነብ ያቺ ቅዳሜ ትመጣለታለች። “ሐቀኛ ናት” የሚለውን እሱ ይበለው፣ አንቺ አትበዪው።

ከታች የምታመለክቺባቸውን ቦታዎች አስቀምጪ፦ የትምህርቱን ስም፣ ምን እንዲጽፍ እንደሚጠይቁ፣ በሊንክ ይሁን በፊርማና በማህተም፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር። ቢኒ እንዳለኝ ቀነ ገደብሽ ጃንዋሪ 15 ነው፣ ጥር 7 ማለት ነው። በእነሱ ከሌሊቱ 11:59 የሚለውን ልብ በዪ። ጀርመን በክረምት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነውና እኛ ጋ ከሌሊቱ 7:59 ይሆናል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። መሃል ላይ ነሽ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ አገሩ የሚሄድበት፣ መምህሩም ፈተና የሚያርምበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእሱ ታኅሣሥ 20 ብለሽ ንገሪው። ዛሬ ብትልኪ አምስት ሳምንት ከሦስት ቀን አለው። ታኅሣሥ 6 በትህትና አንድ ጊዜ አስታውሺው፣ ታኅሣሥ 17 ሁለተኛ። ከዚያ አትነዝንዢው።

ሊንኩ የሚላክበት የዩኒቨርሲቲው ኢሜይሉ ይሁን፣ የግል ኢሜይል የማይቀበሉ አሉ። የላኪውን ስም ንገሪውና ስፓም ውስጥም እንዲያይ ለምኚው።

እኔን ሄደሽ ጸሐፊዋን አናግሪልኝ ማለትሽን ሰምቻለሁ። አልሄድም። አሁን ያለችው ልጅ ከእኔ በኋላ የገባች፣ እንደኔ ታዛዥ ናት። እናት መጥታ ስትቆምባት ያው “ስም ቀይረሽ አውጪ” ነው የሚሆነው። ሁለተኛ እጄን አላስገባም።

ቡላና ቅቤ ቅዳሜ በጎረቤታችን ልጅ መኪና እልክልሻለሁ። መናኸሪያ ከ8 ሰዓት በፊት ተገኚ፣ ቅቤው በአዳማ ሙቀት እንዳይቀልጥ። ለእህቴ ደውዪ፣ ታማለች። የቤት ኪራዩን ለሁለት ወር በአንዴ አትክፈዪ፣ የማመልከቻው ወጪ ይመጣል።

ገጹን ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእኔ ላኪልኝ፣ እንደ ድሮዬ ፊደሉን አይልሻለሁ። ገጹን ነው ያልኩሽ። ደብዳቤውን አንቺ እንዳትጽፊው። እኔም የፊታችን ሐሙስ ዓሣ ልገዛ እወርዳለሁ። ካገኘሁት ልነግረው ነው።

እናትሽ