ፓምፑ ሲሠራ የጎረቤት ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል?

ለአዘጋጁ፦

በመሀል አዲስ አበባ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ስለሚመጠጠው የከርሰ ምድር ውኃ ነው የምጽፈው። ካዛንቺስ ባለው ቤታችን አጠገብ በተቆፈረ ጉድጓድ ዙሪያ ቀጫጭን የመምጠጫ ቧንቧዎች ተተክለው ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ግድግዳችን ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ተሰነጠቀ። «ቤቱ አርጅቶ ነው» ተባልን።

አርጅቷል፣ አልክድም። ግን ውኃው የሚወርደው ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤት ቤት ሥርም ይወርዳል። ውኃ የአፈሩን ክብደት በከፊል ያቀልለታል። 4 ሜትር ሲወርድ ከዚያ በታች ባለው አፈር ላይ በካሬ ሜትር 4 ቶን ገደማ ጭነት ይጨመራል። ለስላሳ ሸክላማ አፈር በዚህ ጭነት ቀስ እያለ ይታመቃል፤ ስንጥቁ ዘግይቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው። ለጉድጓዱ የቀረበው የቤቱ ጎን የበለጠ ስለሚሰምጥ ግድግዳው ይቀደዳል። ፓምፑ የሚተፋው ውኃ ከደፈረሰ ደግሞ አፈሩ ራሱ እየተጠረገ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት የጎረቤት ቤቶች ፎቶ እንዲነሱና ከፍታቸው እንዲለካ ያስገድድ። በድንበሩ ላይ የውኃ መለኪያ ቧንቧ ይተከል። ውኃው ከተፈቀደው በታች ከወረደ ፓምፑ ይቀንስ፣ ወይም የተመጠጠው ንጹሕ ውኃ በጎረቤት በኩል ተመልሶ ወደ መሬት ይግባ።

የካዛንቺስ ነዋሪ