ከእኔ ጋር ካላመሳከርህ አይሆንም

ውድ ሐያት፣

አሰላሙ አለይኪ። ሦስት ዓመት ጠፍቼ ድንገት ደብዳቤ ስልክልሽ "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ማለትሽ አይቀርም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፣ ከሄደ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ባለፈው ከመካ የላክሽው የዑምራ ፎቶ ግን አላስቀመጠኝም። ሰበቡን ልንገርሽ።

ደሴ እያለን የተከራከርነው ትዝ ይልሻል? አንቺ "ሴት የሐዲስ አስተማሪ በእናታችን አዒሻና በሶሐባ ሴቶች አብቅቷል" አልሽ። መልስ ስላልነበረኝ አኩርፌ ወጣሁ። አሁን መልስ አለኝ። መልሴ አንቺ ፎቶ በተነሳሽበት ከተማ የኖረች ሴት ናት። ከሪማ አል-መርወዚያ ትባላለች፤ በሂጅራ አቆጣጠር በ463 ነው የሞተችው።

አባቷ ከመርው አካባቢ ነው፣ ኩሽሚሃን ከምትባል መንደር። ከአባቷ ጋር ብዙ አገር ዞራ መጨረሻ ላይ መካ ተቀመጠች። አላገባችም። እዚያ ቁጭ ብላ የቡኻሪን የሐዲስ ስብስብ፣ ሶሒሑን፣ አስተማረች። ተማሪዎቿም ጀማሪ ደረሳዎች ብቻ አልነበሩም። ኸጢብ አል-ባግዳዲን ታውቂዋለሽ፣ የባግዳድን ታሪክ የጻፈውን። ለሐጅ መካ ሲመጣ ዕድሜው ከ50 አልፏል፣ በሐዲስ ዕውቀት ስሙ የተጠራ ሰው ነው። እሷ ፊት ተቀምጦ ሶሒሑን በአምስት ቀን አንብቦ ጨረሰ። አምስት ቀን! እኛ ያንን ኪታብ በስንት ዓመት እንደጀመርነውና የት ላይ እንዳቆምነው አላነሳም።

ለምን እሷ ጋ መጣ? ሶሒሑ እኮ ሌላም ቦታ ይነበባል። ነገሩ ሰንሰለቱ ነው። ከሪማ ኪታቡን የሰማችው ከአቡል-ሀይሠም አል-ኩሽሚሃኒ ነው። እሱ ከፊረብሪ ሰማ፣ ፊረብሪ ከራሱ ከቡኻሪ። በቃ፣ በእሷና በቡኻሪ መካከል ሁለት ሰው ብቻ። ቡኻሪ በ256 ነው የሞቱት፣ እሷ በ463። ከ200 ዓመት በላይ የሆነውን ርቀት ሁለት ሰው ሸፈነው። መምህሯ በ389 ስለሞተ ከእሱ በኋላ 74 ዓመት ኖራለች፣ ስለዚህ የሰማችው በልጅነቷ ወይም በወጣትነቷ መሆን አለበት። ከእሱ የሰሙት እኩዮቿ እያለቁ ሲሄዱ እሷ ቀረች። በሐዲስ ሰዎች ዘንድ ሰንሰለት ባጠረ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል፤ መካከል ያለው ሰው ሲያንስ ስህተት የሚገባበት ቀዳዳም ያንሳል።

ግን ዕድሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍልሽም ነበር። አስደንቆኝ እንቅልፍ የነሳኝ የታሪክ ጸሐፊው ኢማም ዘሃቢ ያሰፈሩት አንድ ትንሽ ወሬ ነው። አቡል-ገናኢም አን-ነርሲ የሚባል የኩፋ ሰው ወደ እሷ መጣ። ከሪማ የሶሒሑን ቅጂ አወጣችለት። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሰባት ወረቀት ገለበጠና አነበበላት። ከዚያ የገለበጠውን ከዋናው ጋር ብቻውን ሊያመሳክር ፈለገ። "አይሆንም፣ ከእኔ ጋር ካላመሳከርህ" አለችው። አብረው አመሳከሩ።

ለሰባት ወረቀት ይሄ ሁሉ? አዎ። ስትገለብጪ ዓይን የሚያታልለው የት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ቃል በሁለት መስመር ላይ ሲደገም ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘላል፣ መካከል ያለው ይቀራል። ሐዲስ ላይ ደግሞ "እገሌ ነገረን፣ እገሌ ነገረን" እያለ ስለሚሄድ አንድ ሰው ከሰንሰለቱ ሹልክ ብሎ ይወድቃል። ብቻሽን ስታመሳክሪ አእምሮሽ የጎደለውን ይሞላዋል፣ ስህተቱ አይታይሽም። አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ዋናውን ሲከተል ግን የዘለለው ወዲያው ይያዛል። ከሪማ ስሟን ለማንም በነጻ አልሰጠችም። በእሷ በኩል የሚተላለፈው ቅጂ ልክ እንዲሆን አጥብቃ ትይዝ ነበር።

ውጤቱንም እስከ ዛሬ ማየት ይቻላል። ኢብኑ ሐጀር የቡኻሪን ሶሒሕ ባብራሩበት ፈትሑል ባሪ ላይ ቅጂዎች በአንድ ቃል ሲለያዩ "በከሪማ ዘገባ ግን እንዲህ ነው" ይላሉ። ስሟ ለአንድ የኪታብ ቅጂ መጠሪያ ሆኗል ማለት ነው። እሳቸው ሲጽፉ ከሞተች ሦስት መቶ ዓመት አልፏት ነበር።

አሁን ደግሞ ለአንቺ ልፍረድልሽ፣ ግማሹን ልክ ነበርሽ። ከሶሐባዎቹ በኋላ በነበሩት ሁለት መቶ ምናምን ዓመታት የሴት ዘጋቢዎች ቁጥር በጣም ይወርዳል። ያኔ ሐዲስ የሚለቀመው ከአገር አገር በመዞር ነው። አንድ ሐዲስ ፍለጋ የወር መንገድ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ከየት ትመጣለች? ኪታቦቹ ተጽፈው ከጸኑ በኋላ ግን ጥያቄው "ማን የበለጠ ለቀመ?" መሆኑ ቀርቶ "ይህን ኪታብ ከማን ሰማሽ?" ሆነ። ያ ደግሞ በቤት፣ በአባትና በወንድም በኩል ይሆናል። በሩ እንደገና የተከፈተው እንዲህ ይመስለኛል።

የዚህ ጫፍ ደማስቆ ላይ ይታያል። አዒሻ ቢንት ዐብዱልሃዲ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ሶሒሑን ሐጃር ከሚባል አስተማሪ ሰማች። እሷ የሞተችው በ816 ነው፣ ሐጃር ደግሞ በ730። ኢብኑ ሐጀር ከእሷም ተምረዋል። "ሕፃን ምን ይገባታል?" ትይኝ ይሆናል። እነሱም አልሸወዱም። በየጉባኤው የተገኘውን ሰው ስም የሚመዘግብ ጸሐፊ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ "ተገኝቷል" ይጽፋል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ "ሰምቷል"። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሁለተኛው ይበልጣል። ሴትየዋ ስታረጅ ያ ወረቀት ይወጣና "ስሟ አለ" ይባላል። ይህ ሰንሰለት ያሳጥራል እንጂ ፈትዋ ሰጪ አያደርግም። አንዳንድ ጸሐፊ ሁሉንም "ታላቅ ሊቅ" ሲል ትንሽ ይከነክነኛል። ከሪማ ግን ሌላ ነች፤ የማስተዋል ሴት እንደነበረች ዘሃቢ ራሳቸው ጽፈውላታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፍርድ ቤት ላይ የሴት ምስክርነት እንደ ወንድ አይቆጠርም የሚለውን ጥያቄ አምጥተሽብኝ ስለነበር። ሐዲስ ማስተላለፍ ምስክርነት አይደለም። የታመነች አንዲት ሴት ብቻዋን ያስተላለፈችውን የታመነ ወንድ እንዳስተላለፈው አድርገው ይቀበላሉ። የእኛን አገር ሒጅራ አስቢ። አስማእ ቢንት ዑመይስ ከሐበሻ ስትመለስ ዑመር "እኛ ቀድመናችኋል" አላት። ተቆጥታ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀች፤ "እናንተ የመርከቧ ሰዎች ሁለት ሒጅራ አላችሁ" አሏት። ከዚያ የመርከቧ ሰዎች ያንን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየመጡ ይጠይቋት ነበር።

ያ ከአንቺ የገለበጥኩት ደብተር አሁንም እኔ ጋ ነው። ከሪማን ካነበብኩ በኋላ አውጥቼ አየሁት። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር የዘለልኩ ይመስለኛል፤ ብቻዬን ግን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ለዒድ የምትመጪ ከሆነ ያንቺን ይዘሽ ነይ።

ሰሚራ