የቅሬታ ደብዳቤ፦ ማጠፊያው መስተካከል ሲገባው ስለተላገው በር

ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእንጨት ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

ጉዳዩ፦ በሰኔ ወር የተገጠመልኝ የዋንዛ በር እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ስለዚህ በር አቤት ስል ይህ ሦስተኛዬ ነው። ሁለቱን ጊዜ በቃል ነበር፤ ቃል ደግሞ ከደጃፍዎ ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር የሚረሳ ስለመሰለኝ አሁን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ። የበሩን ዋጋ ሦስት አራተኛ ከፍያለሁ። ቀሪው ገንዘብ በእጄ ነው፤ በሩ ሲስተካከል በዚያው ቀን ይከፈላል።

አስቀድሜ እውነቱን ልናገር። እንጨቱ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ዋንዛው ደርቋል፣ ቋሚዎቹና አግዳሚዎቹ የተጋጠሙበት ቦታ አንድም ክፍተት የለውም፣ ፊቱም በደንብ ተልጓል። ይህን በር የሠራው ሰው ባለሙያ ነው። ያበላሹት ሰቅለው የሄዱት ናቸው።

በሩ ሲገጠም አጠገባቸው ነበርኩ። የአናጺ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በር ሲሰቅል የበሩን እግር በሽብልቅ ከፍና ዝቅ የማደርግለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ልጆቹ ሄደው ቤቱ ጸጥ ሲል ሚሊሜትር የሚያሳይ ማስመሪያ ይዤ በሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ ጻፍኩትም። በማጠፊያው በኩል ከላይ 5 ሚሊሜትር፣ ከታች 1 ሚሊሜትር ነበር። በቁልፉ በኩል ደግሞ ከላይ 1፣ ከታች 5። እንግዲህ ደምሩት፤ ከላይም ስድስት ነው፣ ከታችም ስድስት ነው። ይህ ማለት የበሩ ወርድ ለመቃኑ ልክ ነው፤ በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። በሩ አልሰፋም፣ መቃኑም አልጠበበም። በሩ የተሰቀለው ዘሞ ነው።

የሠራተኞቹ አለቃ ጥፋቱን በግንበኛው ላይ ጣለ። "ግድግዳው ነው የጣለን፣ እትዬ" አለኝ። በማግስቱ ቱንቢ አንጠለጠልኩ። ማጠፊያው ያለበት የመቃኑ ቋሚ በሁለት ሜትር ውስጥ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አያዘነብልም። ግንበኛውን በሌለበት አንማው።

ጥፋቱ ያለው ማጠፊያዎቹ በተቀመጡበት ጉድጓድ ጥልቀት ላይ ነው። የተጠቀማችሁበት ማጠፊያ የክንፉ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በበሩ ጠርዝም በመቃኑም ላይ የሚቆፈረው ጉድጓድ ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር ሆኖ፣ ክንፉ ሲገባ ከእንጨቱ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ጣት ሲያልፍበት እንዳይሰማው። ሁለቱም ክንፎች እንዲህ ከተቀመጡ በሩ ሲዘጋ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ማጠፊያው ራሱ የሚሰጠው ነው፤ ለዚህ ማጠፊያ ወደ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። በበሩ ጠርዝ ላይ ያሉት ሦስቱም ጉድጓዶች ልክ ናቸው። በመቃኑ ላይ ግን የላይኛው ጉድጓድ ጥልቀቱ 1 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ክንፉ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ቀርቷል። የታችኛው 5 ሚሊሜትር ስለተቆፈረ ክንፉ ሁለት ሚሊሜትር ሰጥሟል። የመካከለኛው እንከን የለውም። እሱን የቆፈረው ሌላ እጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠርዙ በስለት ተቆርጦ ወለሉ የተስተካከለ ነው። የሌሎቹ ሁለቱ ግን መሮ በመዶሻ እየተመታ የተፈለፈሉ ናቸው፤ መጀመሪያ በክንፉ ዙሪያ በቢላዋ ተቆርጦ ምልክት እንዳልተደረገ ከጠርዙ ስንጥር ይታያል።

ከላይ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ቁልፉ ተገፍቶ ከታች ሁለት ሚሊሜትር ወደ ማጠፊያው የተሳበ በር የቁልፉ በኩል ይወርዳል። በላይኛውና በታችኛው ማጠፊያ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ የበሩ ወርድ 85 ሳንቲሜትር ነው። አራት ሚሊሜትር ያዘነበለ በር በዚህ ወርድ የቁልፉን በኩል ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ያወርደዋል። የቁልፉ ምላስ ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ያለው ለዚህ ነበር። ልጆቹ ምን አደረጉ? ምላሱ የሚገባበትን ብረት በሞረድ ሞረዱት! ምላሱ ገባ፤ በሩ ግን እንደዘመመ ቀረ።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በረታ። የጅማን ክረምት ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ ልብስ በሦስት ቀን የማይደርቅበት ነው። እንጨት በወርዱ ያብጣል፣ በቁመቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም። በእንዲህ ያለ በር ላይ የሚያብጡት ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎች ናቸው፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ቢጨምሩ አይገርምም። ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ያለው በር ይህን ችሎ ያልፋል። የእኔ በር ግን በላይኛው ማዕዘን የነበረው አንድ ሚሊሜትር ስለነበር መቃኑን መፋቅ ጀመረ። በዚህ ላይ የበሩ የላይና የታች ጠርዝ ቫርኒሽ አልነካውም። ማንም አያየውም ተብሎ ነው። እኔ ግን ወንበር ላይ ቆሜ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሻካራ ነው። የቋሚዎቹ ጫፍ እርጥበትን ከፊታቸው ይልቅ በፍጥነት የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።

ደውዬ ነገርኳችሁ። ሁለት ልጆች መጡ፤ ቡና አፍልቼ አጠጣኋቸው፣ ትሑቶች ናቸው። ነገር ግን በሩን አንድ ጊዜ ከፍተው ዘጉትና መላጊያ አወጡ። "ተዉ፣ ማጠፊያውን ፍቱት" አልኩ፤ አልሰሙኝም። በቁልፉ በኩል ከላይኛው ማዕዘን ሦስት ሚሊሜትር ላጉ፣ ወደ ታች እየቀነሱ መጥተው እጀታው አጠገብ ሲደርሱ ተዉት። በሩ ተዘጋ። እነሱም ደስ ብሏቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ቅሬታዬ። በቁልፉ በኩል ከላይ የሚፍቅ በር ሲያጋጥም ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሚፋቀውን ቦታ ሳይሆን ማዶውን፣ የላይኛውን ማጠፊያ መሆን አለበት። በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ፣ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው፤ በሩ ላይ መላጊያ አይነሳም። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ በሩ ግን ከፋቀ፣ ያን ጊዜ እንጨቱ አብጧል ወይም በሩ ሰፍቷል ማለት ይቻላል፤ ያኔም ቢሆን ክረምት እስኪወጣ ይጠበቃል። አሁን ማጠፊያዎቹ ቢስተካከሉ ከላይ በቁልፉ በኩል ሦስት ሚሊሜትር መሆን የሚገባው ክፍተት ስድስት ይሆናል። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ይጨምራል። የማጠፊያው ጉድጓድ ጥልቀቱ ቢበዛ ይሞላል፤ የተላገ እንጨት ግን አይመለስም።

ሌላው ነገር ቪቴዎቹ ናቸው። የታችኛው ማጠፊያ ላይ በመዶሻ ተመትተው እንደ ምስማር የገቡ አሉ። ቀዳዳ ሳይሰረሰርላቸው በመዶሻ ሲገቡ የእንጨቱን ጭረት ይበጥሱታል፤ በጥርሳቸው የሚይዙት ነገር አይኖራቸውም። ከዚያም አልፎ ዘመው ስለገቡ ጭንቅላታቸው ከክንፉ በላይ ቀርቷል። ሁለቱ ክንፎች ሊገጥሙ ሲሉ ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል። በሩ ሊዘጋ ጣት ሲቀረው እንደ ሞላ ገፍቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ማመን ካቃተዎት መጥተው ይዩ፤ የተጋጩት የቪቴ ጭንቅላቶች ተፋቅተው እንደ መስታወት ያበራሉ። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይህ ግፊት ቪቴዎቹን ከመቃኑ እየነቀለ ነው።

ከታችኛው ማጠፊያ ጀርባ ደግሞ የታጠፈ የሲጋራ ፓኮ አገኘሁ። ካርቶን ማድረግ ነውር ነው አልልም፤ አባቴም ግማሽ ሚሊሜትር ሲጎድለው ያደርገው ነበር። ለሁለት ሚሊሜትር ግን አይሆንም። ታጥፎ የገባ ወረቀት በበሩ ክብደት ይጨፈለቃል፣ በክረምት ይረጥባል፤ በሩም እንደገና ወደነበረበት ይመለሳል።

ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። በዚህ ሳምንት የመካከለኛውን ማጠፊያ የቆፈረው ሰው ይምጣ፤ ሌላ አልፈልግም። በሩ ይውረድ። የታችኛው ጉድጓድ ሁለት ሚሊሜትር በሆነ ቀጭን የዋንዛ ቁራጭ በኮላ ይሞላ፤ የላይኛው በሁለት ሚሊሜትር ይጠለቅ። የተበላሹት የቪቴ ቀዳዳዎች በኮላ በተነከረ የእንጨት ሽብልቅ ተደፍነው አንድ ሌሊት ይደሩ፤ በማግስቱ ከቪቴው ቀጠን ያለ ቀዳዳ ተሰርስሮ አዲስ ቪቴ በካቻቢቴ ይታሰር። በሩ ሲመለስ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በማጠፊያው በኩል ከላይ እስከ ታች ሳይጠብቅና ሳይላላ ማለፍ አለበት፤ ቁራጩን እኔ አዘጋጃለሁ። የላይና የታች ጠርዙም በሩ ወርዶ ሳለ ቫርኒሽ ይቀባ።

የተላገውን ጠርዝ ግን አሁን አትንኩት። ኅዳር ሲገባና እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱን አብረን እንለካለን። ያኔ ጠርዙ ቀጥ ተደርጎ ተልጎ ከላይ እስከ ታች የዋንዛ ዘንግ በኮላ ይለጠፍበት፤ ቁልፉም ከአዲሱ ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሆን ወደ ውጭ ይውጣ። የዚህ ሥራ እንጨትና ድካም በድርጅቱ ወጪ ነው። መለጠፊያው ጎልቶ ከታየ ቋሚው በሙሉ እንዲቀየር እጠይቃለሁ።

እስከሚቀጥለው ሰኞ መልስ ካላገኘሁ በሩን በሌላ ባለሙያ አስተካክዬ ወጪውን ከቀሪው ክፍያ ላይ እቀንሳለሁ፤ ደረሰኙንም እልክልዎታለሁ። የመጀመሪያ ቀን የለካሁበትን ወረቀት ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። የሲጋራውን ፓኮም በፖስታው ውስጥ ያገኙታል።

ከሰላምታ ጋር

የበሩ ባለቤት
ጅማ