ትራስ ስር የሚያድር ታብሌት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ሳምንት የአራተኛ ክፍል መምህራችን የአንድ ተማሪ ታብሌት ይዛ ቢሮዬ መጣች። ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ተነስቶ፣ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ዙሪያውን በላስቲክ ታስሯል። ልጁ «አልጣልኩትም» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ነው፣ ባትሪው አብጦ ነው።

እናቱን ስናነጋግር ነገሩ ተገለጠ። ልጁ ማታ ማታ ታብሌቱን ቻርጀር ላይ እንደሰካ ትራሱ ስር አድርጎ ይተኛል። ወፍራም የጎማ ከቨርም አለው። ስክሪኑ ሲነሳ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ተጭኖ በላስቲክ አሰረለት። ለደግ ብሎ ነው፤ ግን ከሁሉም አደገኛው ይኸው ነበር።

ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ መሞቁ ያለ ነው። ሙቀቱ ግን መውጫ ይፈልጋል። ትራስ፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ ያፍኑታል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም በሊትየም ባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ መበላሸትና ጋዝ መፍጠር ሊጀምር ይችላል። ባትሪውን የሚነፋው ጋዙ ነው። ያበጠ ባትሪ ሲጫኑት ወይም ሲወጉት ውስጡ ተነካክቶ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ቻርጅ ማድረጊያው ከመኝታ ክፍል ውጭ እንዲሆን ነው። ጠረጴዛ ወይም ባዶ ወለል ይበቃል፤ ሶፋና ምንጣፍ አይሆኑም። ሌሊቱን ሙሉ መሰካትም አያስፈልግም። አብዛኛው ስልክ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ይሞላል፤ ታብሌት ትንሽ ይቆያል። ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ ተሰክቶ ከመኝታ በፊት ይነቀል። ልጆቹ እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ።

በመሃል ጀርባውን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ ነቅላችሁ፣ ከቨሩን አውልቃችሁ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበት ይገባበታል።

ገመዱንም እዩት። ቶሎ የሚላጠው አንገቱ ጋ፣ ማለትም መሰኪያው አጠገብ ነው። ሽቦው ከታየ ወይም ጫፉ ከጠቆረ በፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል የለም፤ ይጣል።

እብጠትን ለመለየት መሣሪያውን ዓይናችሁ ፊት ይዛችሁ ጠርዙን በጎን ተመልከቱ። ጠረጴዛ ላይ መወዛወዙ ብቻ አያሳስባችሁ፤ ካሜራው ወጣ ያለ ስልክ ጤነኛም ሆኖ ይወዛወዛል። ስክሪኑ ከተነሳ ወይም ጀርባው ከተነፋ ግን አጥፉት፤ ዳግም አትሰኩት፤ አትጫኑት። ከመጋረጃና ከወረቀት ርቆ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት እንጂ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት። ጭስ ካያችሁ ግን መሣሪያውን ለማንሳት አትሞክሩ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና እሳት አደጋ ጥሩ።

የልጁ ታብሌት ባትሪው ተቀይሮለት ተመልሷል። ከሰኞ ጀምሮ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ቻርጅ ማድረግ አይችሉም። መሙላት ያለበት መሣሪያ ካለ ጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ሰው እያየው ይሰካል።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ