በአንቴና ኬብል ላይ ተመልሶ ስለሚመጣ ኃይል ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ጉዳዩ፦ የ SWR ቁጥር ዝቅ ብሎ መታየቱ ለአንቴናው ደህንነት በቂ ማስረጃ የማይሆንበትን ምክንያት ስለመግለጽ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቪኤችኤፍ መገናኛ ሬዲዮዎቻችሁን ለመፈተሽ በምንመጣበት ጊዜ፣ ከሬዲዮው አጠገብ ያለው መለኪያ ጥሩ ቁጥር እያሳየ ባለሙያዎቻችን ማማው ላይ ካልወጣን ለምን እንደሚሉ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ማማ መውጣት ወጪም አደጋም ስላለው ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ምክንያታችንን ከነስሌቱ በጽሑፍ ማቅረብ ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል።

ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚወጣው ኮአክሲያል ኬብል 50 ኦም ነው ሲባል፣ በውስጡ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚጓዝ ሞገድ ላይ ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል፣ ኬብሉ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ሁልጊዜ 50 ይመጣል ማለት ነው። ሞገዱ አንቴናው ጋ ሲደርስ ግን ይህን ስሌት የሚወስነው አንቴናው ነው። አንቴናውም 50 ኦም ከሆነ የመጣውን ኃይል በሙሉ ይቀበላል። ካልሆነ ግን ሁለቱ ሊስማሙ የሚችሉት ከኃይሉ የተወሰነው በኬብሉ ወደ ኋላ ሲመለስ ብቻ ነው። የተመላሹ ሞገድ ቮልቴጅ ከሄደው አንጻር ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን የነጸብራቅ ኮፊሸንት ሲሆን፣ የሚሰላውም እንዲህ ነው፦

```
Γ = (ZL − Z0) / (ZL + Z0)
```

እዚህ ላይ ZL የአንቴናው፣ Z0 ደግሞ የኬብሉ ኢምፒዳንስ ነው። ለምሳሌ አንድ የተበላሸ አንቴና 150 ኦም ቢሆን፣ 100 ለ200 ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ ተመላሹ ቮልቴጅ የሄደው ግማሽ ነው ማለት ነው። ኃይል የሚሰላው በቮልቴጁ ስኩዌር ስለሆነ የሚመለሰው ኃይል 0.25፣ ማለትም ሩቡ ነው።

የሚሄደውና የሚመለሰው ሞገድ በአንድ ኬብል ውስጥ ሲገናኙ በአንዳንድ ቦታ ይደመራሉ፣ በሌላው ቦታ ይቀናነሳሉ። እነዚህ ቦታዎች ስለማይንቀሳቀሱ ክስተቱ ቋሚ ሞገድ ይባላል፤ መለኪያችሁ ላይ የምታነቡት SWR ደግሞ የከፍተኛው ቮልቴጅ ለዝቅተኛው ያለው ንጽጽር ነው። በምሳሌያችን 1.5 ለ0.5 ሲካፈል SWR 3 ይሆናል። በ150 ሜጋኸርዝ፣ በተለመደው አርጂ 213 ኬብል ውስጥ፣ የሞገዱ ርዝመት 1 ሜትር ከ32 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከአንዱ ከፍተኛ ቦታ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 66 ሳንቲሜትር ነው። ኬብል በመቁረጥ ወይም በመቀጠል SWR ለማስተካከል የሚሞክሩ አሉ፤ ይህ ግን ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚያርፍበትን ቦታ ከመለወጥ በቀር አንቴናው የሚመልሰውን ኃይል አይቀንስም። እንዲያውም ጥቂት ሳንቲሜትር ኬብል በመጨመር ብቻ ቁጥሩ ጉልህ ለውጥ ካሳየ፣ ከረንት በኬብሉ ውጫዊ ሽፋን ላይ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ራሱን የቻለ ምርመራ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። እስካሁን ያልነው ሁሉ ኬብሉ ምንም ኃይል እንደማይበላ በማሰብ ነበር። እውነተኛ ኬብል ግን ይበላል፤ 40 ሜትር አርጂ 213 በዚህ ፍሪኩዌንሲ አዲስ ሆኖ እንኳ ግማሽ ያህሉን ኃይል ያስቀራል። ሬዲዮው 50 ዋት ቢልክ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 25 ዋት ነው። ባለ 150 ኦሙ አንቴና ሩቡን፣ ማለትም 6 ዋት ከሩብ፣ ይመልሳል፤ ከዚህም ግማሹ በመመለሻው መንገድ ላይ ስለሚጠፋ ታች ያለው መለኪያ የሚያየው 3 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 50 ሄዶ 3 ከተመለሰ SWR 1.7 አካባቢ ይነበባል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ አንቴናው ደህና ነው ብሎ ያልፋል፤ ማማው ላይ ያለው እውነተኛ SWR ግን 3 ነው። ኬብሉ በተበላሸ ቁጥርም የታችኛው ቁጥር እያማረ ይሄዳል። ማንም ምንም ሳይነካው ከክረምት በኋላ SWR የተሻሻለ ጣቢያ ካላችሁ፣ እኛን በቶሎ እንድትጠሩን የሚያስገድድ ምልክት መሆኑን አጥብቀን እናሳስባለን።

ኬብሉን ከአንቴናው ለይቶ ለመፈተሽ ባለሙያው ማማው ላይ ወጥቶ ኬብሉን ከአንቴናው ይነቅላል። ጫፉ ክፍት የሆነ ኬብል የደረሰውን ሁሉ ስለሚመልስ፣ በዚህ ጊዜ ታች የሚነበበው በጉዞው ላይ የጠፋውን ብቻ ይገልጻል። ልኬቱ በአንቴና አናላይዘር የሚሠራ ነው፤ በክፍት ኬብል ላይ ሬዲዮውን በሙሉ ኃይል ማስተላለፍ ሬዲዮውን ሊያቃጥለው ስለሚችል አታድርጉት። የተነበበውን SWR ወደ ኮፊሸንት ለመመለስ ከቁጥሩ ላይ 1 ቀንሶ፣ 1 ለተደመረበት ማካፈል ይበቃል፤ የሚገኘውም ውጤት በቀጥታ አንቴናው ጋ የሚደርሰው የኃይል ድርሻ ነው። ጤነኛው 40 ሜትር ኬብል SWR 3 ያሳያል፤ 2 ለ4 ሲካፈል 0.5፣ ግማሹ ይደርሳል ማለት ነው። ውኃ የገባበት ኬብል ግን ጫፉ ላይ አንዳች ነገር ሳይኖር 1.5 ሊያሳይ ይችላል፤ 0.5 ለ2.5 ሲካፈል 0.2 ነውና፣ ከ50 ዋት 10 ዋቱ ብቻ ወደ ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ኬብል ሽፋኑ ሲላጥ፣ ቀይ ሆኖ ማብረቅ የነበረበት የመዳብ ሽቦ ሹራብ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ተመላሹ ከአንቴናው ከሆነ፣ ማመጣጠን ያለበት አንቴናው አጠገብ ነው። ከሬዲዮው አጠገብ የሚገጠም ማስተካከያ ሬዲዮውን ያስደስተው ይሆናል እንጂ በኬብሉ ላይ ያለውን ተመላሽ ሞገድ አያጠፋም። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሁለት ባለ 50 ኦም አንቴናዎች ተደራርበው የሚሠሩበት ጣቢያ ነው። ሁለቱ እንዲሁ በአንድ ላይ ከተያያዙ 25 ኦም ይሆኑና SWR 2 ይመጣል። እኛ የምናደርገው በእያንዳንዱ አንቴናና በመገናኛው መካከል ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነ ባለ 75 ኦም ኬብል ማስገባት ነው። እንዲህ ያለ ቁራጭ 75 በ75 ተባዝቶ ለ50 ሲካፈል የሚገኘውን፣ ማለትም 112.5 ኦምን ያሳያል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ 56 ኦም ከሩብ ይሆናሉ፣ SWR ም ወደ 1.13 ይወርዳል። በ150 ሜጋኸርዝ ቁራጩ 33 ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለቱን አንቴናዎች ለማገናኘት ስለሚያጥርም የዚህን ሦስት ወይም አምስት እጥፍ እንጠቀማለን። ሁለት እጥፍ ወይም አራት እጥፍ ከሆነ ግን ምንም ለውጥ አያመጣም። ልኬቱ ውስጡ ጠጣር ፕላስቲክ ለሆነ ኬብል የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ፎም በሆነ ኬብል ሞገዱ ፈጥኖ ስለሚሄድ ሩቡ ወደ 40 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ቁራጩ የሚቆረጠው ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ፣ የተፈቀደላችሁ ፍሪኩዌንሲ በብዙ ሜጋኸርዝ ከተለወጠ አስቀድማችሁ ብታሳውቁን እንደገና እንሠራዋለን።

ከእንግዲህ በምናደርገው እያንዳንዱ ፍተሻ የታችኛውን SWR፣ ከአንቴናው በኩል የተለካውንና የኬብሉን የክፍት ጫፍ ውጤት ጽፈን ፈርመን እንሰጣችኋለን። ወረቀቱን ከሬዲዮው አጠገብ እንድታስቀምጡልን፣ እንዲሁም ማማው ላይ ያሉት ኮኔክተሮች የተጠቀለሉበት የላስቲክ ቴፕ ተሰንጥቆ ወይም ተፈትቶ ከታያችሁ ክረምት ከመግባቱ በፊት እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል